ሦስተኛው ኩብ

«ቆይ» አላት አለቃዋ፣ ገና «ኢንጂነር» ከማለቷ።

ተለማማጇ አፏን እንደከፈተች ቀረች። በዚያ ሳምንት ስንት ጊዜ «ቆይ» እንደተባለች መቁጠር ትታለች፤ ብትቆጥረው ጨጓራዋ ከመላጥ በቀር የሚተርፋት ነገር አልነበረም። ጠዋት በሩ ላይ ጠብቃው «ቆይ» ብሏት አልፏል። ትናንት ምሳ ሰዓት ሳህኗን ይዛ አጠገቡ ስትደርስ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ መዳፉን ከፍ አድርጎ ያንኑ ብሏታል። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን እንኳ ጠልታው ታርፍ ነበር። ሥራ ላይ ያለ ሰው መሆኑ ነው ያስቸገራት። ሥራ ላይ ያልሆነበት ሰዓት ደግሞ የለውም።

የኮንክሪት መመርመሪያ ቤት ነው። ከየግንባታው የሚመጣ ኩብ፣ በሳጥን ቅርጽ የተሞላ የኮንክሪት ናሙና፣ ውሃ ገንዳ ውስጥ ሰንብቶ፣ ተለክቶ፣ ተመዝኖ፣ መጨረሻ ላይ ማሽን ውስጥ ገብቶ ይሰበራል፤ ስንት ጫና ችሎ እንደተሰበረ ይመዘገብና ሕንፃው ይቆማል ወይስ አይቆምም የሚለው ከዚያ ይታወቃል። አለቃዋ የዚህ ቤት ሹም ነው። ፊት ለፊት «ኢንጂነር» ይሉታል፣ ከኋላው «አቶ ቆይ»። እሷንም ሠራተኛው ስም አውጥቶላታል፤ አንዱን ኩብ ሁለት ጊዜ ካልመዘነች እንቅልፍ የማይወስዳት ስለሆነች «ሚዛን» ነው የሚሏት። ስሙን ወዳዋለች። ስም ያወጡለትን ሰው አያባርሩም ብላ ራሷን ታጽናናበታለች።

የልምምድ ጊዜዋ ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ነው። እዚህ መቅረት ትፈልጋለች፤ ሌላ ነገር አትፈልግም። ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ጓደኞቿ ቢሮ ተቀምጠው የሕንፃ ንድፍ ሲነድፉ፣ እሷ ኩብ ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ ለምዳ፣ ገና ከድምፁ ደህና መሆን አለመሆኑን የምታውቅበት ደረጃ ላይ ደርሳለች። ይህን ጥላ የትም መሄድ አልፈለገችም። ይህን ነው ለመናገር የፈለገችው፤ እሱን ልትናገር ስትል ነው «ቆይ» የሚላት።

«ምን ነበር?» አላት አሁን፣ ዓይኑን ከማሽኑ ሳያነሳ።

«ስለ እኔ ሁኔታ… ማለቴ፣ ልምምዱ ሲያልቅ…»

«ቆይ፣ ቆይ» አላት። ማሽኑ ውስጥ ያለው ኩብ ጧ አለና አቧራው ቦነነ።

ኩቡን ያመጣው ፎርማን ከኋላቸው ቆሞ ላቡን እየጠረገ ነበር። ሁለቱ ኩቦች ደህና ተሰብረው ሦስተኛው ገና ተገቢው ጫና ሳይደርስበት ነው የፈረሰው። ሰውየው ፊቱ አመድ መሰለ፤ ስድስት ፎቅ ሕንፃ በዓይኑ ላይ ሲናድ ታየው። አለቃዋ ፍርስራሹን አንስቶ እያገላበጠ አየው።

«ይኼ ሲሞላ አልተጠቀጠቀም። ይኸው፣ ውስጡ ባዶ ባዶ ነው። ጥፋቱ የኮንክሪቱ አይደለም፣ የሞላው ልጅ ነው።» ወደ ተለማማጇ ዞረ። «ሦስት የምንሰብረው ለምንድን ነው?»

«አንዱ ሊዋሽ ስለሚችል» አለች፣ እንደ ተማሪ።

«ሁለቱ ተቀራርበው አንዱ ከራቀስ?»

«ለምን እንደራቀ ይታያል። ምክንያቱ ከታወቀ የራቀው ይጣላል፣ ሁለቱ ይያዛሉ።»

«ጎበዝ» ብሎ ፎርማኑን ይዞ ወጣ። ጎበዝ! እሷ የፈለገችው ጎበዝ መባል አልነበረም። ባዶው ማሽን ፊት ብቻዋን ቀረች፤ በእልህ ፍርስራሹን በአካፋ ዛቀችው።

ቤት ስትደርስ እናቷ ገና በሩ ሳይከፈት ነው የጀመረችው።

«ጠየቅሽ?»

«አልጠየቅሁም።»

«ምን ሆነሽ?»

«ቆይ አለኛ!»

«ዛሬም?» እናቷ ወገቧን ይዛ ቆመች። ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ጉዳይ ስትጨርስ ኖራ አሁን የቀራት ጉዳይ ይቺ አንዲት ልጅ ናት። «ግን እኮ ያውቃል። ራሱ አይደል የጠየቀሽ?»

እውነት ነው፣ አንድ ጊዜ ጠይቋት ነበር። ከወራት በፊት ነው፤ እጇን እስከ ክርኗ ገንዳው ውስጥ ከታ ኩብ ስታወጣ መጥቶ አጠገቧ ቆመና «የሰው ኃይል እቅድ እየሠራሁ ነው፤ ከልምምዱ በኋላ እዚህ መቅረት ታስቢያለሽ?» አላት። ልቧ ዘለለ። አፏ ግን «አይ ኢንጂነር፣ እኔ ለመማር ነው የመጣሁት፤ በእኔ እንዳይቸገሩ» አለ። እሱም «እሺ» ብሎ ሄደ። ማታ ለእናቷ ስትነግራት እናቷ ደስ ብሏት «ጥሩ መልሰሻል» አለቻት። «ገና በአንድ ጥያቄ እሺ የሚል ሰው ችኩል ነው የሚመስለው። ደግሞ ይጠይቅሻል፣ ያኔ ትቀበያለሽ።» ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ ሁለተኛውን ጥያቄ ሲጠብቁ ከረሙ። ሰውየው ግን ደግሞ አልጠየቀም።

«ለአጎትሽ ልደውልለት» አለች እናቷ። «ዋናው መሥሪያ ቤት ሰው ያውቃል።»

«እማዬ! በስመአብ በይ! አጎቴ ከደወለ እኔ በነጋታው በእግሬ ነው የምወጣው።»

«ምን አደረገሽ አጎትሽ?»

«ምንም አላደረገኝም። ግን በልመና የገባች ከምባል ባልገባ ይሻለኛል። ራሴ ነኝ የምጠይቀው።»

«እኮ ጠይቂያ!»

«ቆይ እያለኝ?»

ሁለቱም ተፋጠጡ። እናቷ ሳቋ መጣ፣ እሷ ግን አልሳቀችም። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር በአካል ብታገኘው ማሽኑ ውስጥ አስገብታ ምን ያህል እንደሚችል ታየው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የልቧን ለእታለም አወጣችላት። እታለም የጠጠርና የአሸዋ ምርመራውን የምትሠራ ባለሙያ ናት፤ ወንፊት ስትነቀንቅ የኖረች፣ አሁን ሆዷ ገፍቶ ወንፊቱን ከሩቅ የምትይዝ። የመውለጃዋ ወር ደርሷል። ቤቱ ውስጥ ላለ ሁሉ ታላቅ እህት ስለሆነች ነው እታለም የሚሏት፤ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው።

«አንቺ ደግሞ!» አለቻት እታለም፣ ወንበር ላይ ቀስ ብላ እየተቀመጠች። «በር ላይ፣ ምሳ ላይ፣ ማሽን ላይ፤ እንዲህ ዓይነት ነገር እግረ መንገድ ይወራል? እሱ እንደሆነ ሰሌዳው ላይ ያልተጻፈ ነገር የለም ብሎ ነው የሚኖረው።»

ሰሌዳው መግቢያው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ነጭ ሰሌዳ ነው። የሳምንቱ ሥራ ሁሉ እዚያ ይጻፋል፤ የማን ኩብ መቼ እንደሚሰበር፣ የማን አሸዋ መቼ እንደሚነፋ። እዚያ የተጻፈውን አለቃቸው ሰማይ ቢደፋ አያልፈውም። ያልተጻፈውን ደግሞ ሚኒስትር ይዞ ቢመጣ ወረፋ ያስይዘዋል።

ተለማማጇ ሰሌዳውን አየችው፣ እታለምን አየቻት።

«ልጻፍ ነው የምትይኝ?»

«እኔ ምንም አላልኩ። ብዕሩ ግን እዚያ ተሰቅሏል።»

እንዲህ ሆኖ ሐሙስ ከሰዓት የሚለው ረድፍ ላይ፣ በአንድ የድልድይ ኩብና በአንድ የአስፋልት ናሙና መካከል፣ «ተለማማጅ፤ ስለ ቅጥር ውይይት፤ ግማሽ ሰዓት» የሚል ጽሑፍ ታየ። አለቃዋ አልፎት ሄደ፣ ተመለሰ፣ አነበበው። ከኪሱ ትንሿን የቀጠሮ ደብተሩን አውጥቶ ጽሑፉን ገለበጠበት። ያ ሁሉ ሳምንት በዚህ ያልቅ ነበር ለካ! አንጀቷ እርር አለ።

ሐሙስ ከሰዓት በሰዓቱ ጠራት። ቢሮው ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ላይ የተሰበሩ ኩቦች ቁርጥራጭ ተደርድሯል። ስልኩን አጠፋ። ስልኩን ሲያጠፋ አይታው አታውቅምና ክው አለች።

የተዘጋጀችበትን ተናገረች። «ልምምዴ እያለቀ ነው። እዚህ በቋሚነት መሥራት እፈልጋለሁ። ሥራውን ወድጄዋለሁ፤ ኩብ መለካትና መስበሩን ብቻዬን እሠራለሁ፣ የሪፖርቱን ረቂቅ እጽፋለሁ፣ ካለፈው ወር ጀምሮ ደግሞ ከእታለም ጋር ወንፊቱን ይዣለሁ። ቦታ ይኖር እንደሆነ፣ ካለም ቀጥሎ ማድረግ ያለብኝን እንዲነግሩኝ ነው።»

አለቃዋ መነጽሩን አወለቀ። ፊቱ ላይ የነበረው ግራ መጋባት እውነተኛ ነበር።

«አንቺ እኮ አልፈልግም ብለሻል።»

«መቼ?»

«ገንዳው ጋ። እቅድ ስሠራ ጠይቄሽ፣ ለመማር ነው የመጣሁት አልሽኝ። ለጀማሪ መሐንዲስ አንድ ቦታ ላስይዝ አስቤ ነበር፤ ከሌለሽበት ብዬ ተውኩት። እቅዱ ጸድቋል አሁን።»

ቦታው ነበረ! ለእሷ ታስቦ ነበረ! እሷና እናቷ ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቁ ሲከርሙ፣ ይህ ሰው የመጀመሪያውን መልስ መዝግቦ፣ ዘግቶ፣ ወደ ሌላ ሥራው ሄዷል። ደሟ ፈላ። በእናቷ ተናደደች፣ በራሷ ተናደደች፣ ከሁሉ በላይ ግን ፊቷ የተቀመጠው ሰው ላይ ነው የመጣባት፤ ስንት ወር የዋጠችው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ።

«ኢንጂነር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለአንድ ጭብጥ ለማትሞላ ኮንክሪት ሦስት ኩብ ይሰብራሉ! አንዱ ሊዋሽ ይችላል ብለው! እኔን ግን አንድ ጊዜ ጠይቀው ዘጉት?»

ከውጭ የወንፊቱ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ተለማማጇ እጇን አፏ ላይ ልታደርግ ምንም አልቀራትም፤ አለቀልኝ አለች በሆዷ። በቃ፣ ከእንግዲህ አማላጅ ቢላክላት እዚህ አትገባም።

አለቃዋ መነጽሩን በሸሚዙ ጠርዝ ጠረገ። ጠርጎ ጠርጎ መልሶ አደረገው።

«ታዲያ ከፈለግሽ አይ ያልሽው ለምንድን ነው?»

«ይሉኝታ ነዋ! በአንድ ጥያቄ እሺ ይባላል እንዴ?»

«አይባልም?»

«አይባልም!»

«እኔ በአንድ ጥያቄ ነው እሺ የምለው» አለ፣ ራሱን እየመረመረ እንደሆነ ሁሉ። ከዚያ ከንፈሩ ጠርዝ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር ታየና ጠፋ። «እሺ። የመጀመሪያው በደንብ አልተጠቀጠቀም ማለት ነው። ዛሬ ያልሽው ሁለተኛው ይሁን። ወረቀት ይዘሻል?»

ይዛለች።

«ቃል የምገባልሽ ነገር የለም፤ ይህን አስቀድመሽ እወቂ። ቋሚ ቦታው ዘንድሮ እቅድ ውስጥ የለም። በግማሽ ዓመቱ የበጀት ክለሳ ላይ ደግሜ አቀርባለሁ፤ የሚወስነው ሥራ አስኪያጁ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ቢፈቀድም ማስታወቂያ ይወጣል፣ እንደ ማንኛውም ሰው ትወዳደሪያለሽ።»

ጻፈች። ብዕሯ ከበደባት።

«እስከዚያ ግን እታለም ወሊድ ትወጣለች። እሷን የሚሸፍን ጊዜያዊ ኮንትራት አለ። መጀመሪያ ለውስጥ ሰው ነው ማስታወቂያ የሚለጠፈው፤ ተለማማጅም ልምምዱ እስካላለቀ ድረስ እንደ ውስጥ ሰው ይቆጠራል። ካለቀ በኋላ ግን የውጭ ሰው ነሽ። ስለዚህ ሳትወጪ ማመልከት አለብሽ። የተለጠፈው ደግሞ ትናንት ነው።»

«የት?»

«ሰው ሀብት ክፍል በር ላይ። አላየሽውም?»

እሷ ያን ሁሉ ቀን የቆመችው የእሱ በር ላይ ነበር። ጥርሷን ነክሳ «አላየሁትም» አለች።

«ማመልከቻሽን ለሰው ሀብት አስገቢ፣ ግልባጩን ለእኔ። የልምምድ ግምገማሽን እኔ እጽፋለሁ፤ ያየሁትን ነው የምጽፈው፣ አልጨምርም አልቀንስም። ቃለ መጠይቁ ላይ ሦስት ሰዎች እንቀመጣለን። ሌላ የምትጠይቂው አለ?»

«አለ» አለች። ድሮ ቢሆን «የለም፣ አመሰግናለሁ» ብላ ትወጣ ነበር። «መልሱን መቼ እንደማውቅና፣ ከዘገየ ማንን እንደምጠይቅ።»

«ከቃለ መጠይቁ በኋላ በሳምንቱ። ከዘገየ የሰው ሀብት ኃላፊዋን። እኔን በር ላይ አትጠብቂኝ።»

«ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ» አለች። ይህን ጊዜ በእርግጥ ሳቀ።

ማታ ለእናቷ ስትነግራት እናቷ ራሷን ይዛ ክፍሉን ዞረች። «ደግሞ የማይጠይቅ ምን ዓይነት ሰው ነው! ሰው አላሳደገውም?»

«እማዬ፣ ሰውየው ምን አደረገ? አይ ያልኩት እኔ ነኝ። ጥሩ መልሰሻል ያልሽኝ ደግሞ አንቺ ነሽ።»

እናቷ መዞሯን አቆመች። ሄዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «እኔ አንቺን እንዳይንቁሽ ብዬ ነው» አለች ቆይታ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። ልጅቷ ንዴቷ በረደ፤ አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠች። ማመልከቻውን አብረው ጻፉት፤ እናቷ «በትሕትና እጠይቃለሁ» የሚለውን ሦስት ቦታ አስገብታው ልጅቷ ሁለቱን ሰረዘችባት።

የቃለ መጠይቁ ዕለት ጠረጴዛው ጀርባ ሦስቱ ተቀምጠዋል፤ የሰው ሀብት ኃላፊዋ፣ ከዲዛይን ክፍል የመጣ አንድ መሐንዲስ፣ በስተቀኝ አለቃዋ። አብረዋት ያመለከቱ ሁለት ሰዎች ውጭ ወንበር ላይ ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ አንደኛው ከእሷ በፊት የተመረቀ ልጅ ነው፣ ልምዱ ከእሷ ይበልጣል።

መሐንዲሱ ስለ ወንፊት ልኬት ጠየቃት፣ መለሰች። ናሙና ተቀላቅሎ ቢመጣ ምን ታደርጊያለሽ አላት፤ እመልሰዋለሁ፣ አልሠራበትም አለች። የሰው ሀብት ኃላፊዋ አንድ በአንድ ወረቀቱ ላይ ያለውን ጠየቀች፤ መጨረሻ ላይ «ኮንትራቱ ለወራት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቋሚ ቦታ ላይኖር ይችላል። በዚህም ቢሆን ትፈልጊያለሽ?» አለቻት።

አፏ በልማዱ «እንደ ፈቃዳችሁ» ለማለት ተሰናድቶ ነበር። ያዘችው። «እፈልጋለሁ» አለች። «ለኮንትራቱም እፈልጋለሁ፣ ቋሚው ሲወጣም እወዳደራለሁ።»

«በቃ ጨርሰናል» አለች ኃላፊዋ ወረቀቷን እየሰበሰበች።

«ቆይ» አለ አለቃዋ።

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። እሱ እስካሁን አንድም ጥያቄ አልጠየቀም።

«ከልምምዱ በኋላ እዚህ መቅረት ታስቢያለሽ?»

ኃላፊዋ ግራ ገባት። «አሁን መለሰች እኮ፣ ኢንጂነር።»

«ለእርስዎ ነው የመለሰችው። እኔ ራሴ ልስማው።»

ልክ ገንዳው ጋ ያላት ቃል ነው፤ አንዷም ፊደል አልተለወጠችም። ዓይኗ ውሃ ሞላ፣ በዚህ ቦታ አለቅስ ይሆን ብላ ፈራች።

«አዎ ኢንጂነር። መቅረት እፈልጋለሁ።»

አለቃዋ ራሱን ነቀነቀና ፊቱ ያለው ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጻፈ። «ሁለቱ ተቀራርበዋል» አለ ለማንም ሳይሆን። «የመጀመሪያው ይጣላል።»

«ምኑ ነው የሚጣለው?» አለች ኃላፊዋ። እሱ ቀጣዩን አመልካች ጠራ።

ከሰው ሀብት ክፍል ስልኩ የተደወለው በሳምንቱ ነው፤ ገንዳው አጠገብ እጇ እርጥብ እንደሆነ በትከሻዋ ጆሮዋ ላይ ያዘችው። የኮንትራቱ ቦታ ለእሷ ሆኗል፤ ሰኞ መጥታ ትፈርም። ቋሚው ቦታም በአለቃዋ ፊርማ ለክለሳው ቀርቧል፤ ይፈቀድ አይፈቀድ ገና አይታወቅም። «አመሰግናለሁ» አለች፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ እጇን ጠርጋ ለእናቷ ደወለች።

እናቷ እልልታዋን አቅልጣ፣ እንባዋን ጠርጋ፣ ትንፋሿን ከሰበሰበች በኋላ የጠየቀችው መጀመሪያ ይህንን ነው፦

«ታዲያ ያ ሰውዬ ደግሞ ጠየቀሽ?»

«ጠየቀኝ፣ እማዬ። ሦስተኛው ኩብ ያ ነበር።»